የዘፈኖች ቅደም ተከተል እንዴት ይወጣል? ለ45 ደቂቃ መድረክ የሚሆን አሠራር

ባንድ ያላቸው ልጆች በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ዘፈኖቹን መርጠናል፤ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል?» ይላሉ። ዝርዝራቸውን ሳየው ችግሩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ለብቻው በደንብ ታስቦበታል። አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለችው ጊዜ ግን አልታሰበባትም። የሰው ስሜት የሚያያዘውም የሚበጠሰውም እዚያች ላይ ነው። እኔ «መጋጠሚያ» እላታለሁ።

ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ዘፈን መደርደር ብቻ ሳይሆን መጋጠሚያ መሥራት ነው። ምሳሌዬ 45 ደቂቃ የተሰጠው ባንድና ዘጠኝ ዘፈኖች ናቸው። ለፕሌይሊስት የሚለየውን ነገር መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ቁራጭ ወረቀቶች፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ
- ሰዓት መቁጠሪያና ሜትሮኖም (ሁለቱም ስልክ ላይ አሉ)
- የእያንዳንዱ ዘፈን የልምምድ ቅጂ፤ በስልክ የተቀዳ ይበቃል
- ወፍራም ጥቁር ማርከር፣ ነጭ ወረቀትና ፕላስተር

ቁራጭ ወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው። ስልክ ላይ የተጻፈ ዝርዝር እንደተጻፈ ይቀራል፤ ማንም ደጋግሞ ሊያገላብጠው አይፈልግም። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ወረቀት ግን እጅን ይጋብዛል። አንዱን አንስታችሁ ሌላ ቦታ ስታስቀምጡት ጎረቤቶቹ እንዴት እንደተለወጡ ወዲያው ይታያችኋል።

1. መጀመሪያ ከሰዓቱ ላይ ቀንሱ

45 ደቂቃ ተሰጣችሁ ማለት 45 ደቂቃ ዘፈን ማለት አይደለም። ጭብጨባ አለ፣ ሰላምታ አለ፣ ጊታር መቃኘትና መቀየር አለ። ለእነዚህ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ያዙ። ለዘፈን የሚቀራችሁ 38 ወይም 39 ደቂቃ ነው።

የእያንዳንዱን ዘፈን ርዝመት ከስቱዲዮ ቅጂው ላይ አትውሰዱ። ልምምድ ላይ ለኩት። መድረክ ላይ አዝማቹ አንድ ጊዜ ይደገማል፣ መዝጊያው ይረዝማል። በየዘፈኑ ግማሽ ደቂቃ ቢጨመር በዘጠኝ ዘፈን አራት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ሰዓት ሲያልቅ ደግሞ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ያስቀመጣችሁት ምርጡ ዘፈን ነው።

2. ለእያንዳንዱ ዘፈን ወረቀት ሙሉ

ከላይ የዘፈኑን ስም ጻፉ። ከሥሩ ርዝመቱን፣ ፍጥነቱን፣ ኪዩንና ግለቱን አስቀምጡ። ከዚያ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ እንዴት ይጀምራል? እንዴት ያልቃል? ብዙዎች የሚዘሉት እነዚህን ሁለቱን ነው። መጋጠሚያው የሚሠራው ግን በእነሱ ነው።

ፍጥነቱን ለማወቅ ቅጂውን እየሰማችሁ ምቱን በእግራችሁ ምቱ። 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙት። 18 ከቆጠራችሁ 72 ቢፒኤም ነው፤ በደቂቃ 72 ምት ማለት ነው።

ግለት ሌላ ነገር ነው። ከ1 እስከ 5 በራሳችሁ ስሜት የምትሰጡት ነጥብ ነው። 1 ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው፣ 5 ቆሞ አብሮ የሚዘፍነው ይሁን። ፍጥነትንና ግለትን አንድ አታድርጓቸው። 130 ቢፒኤም ሆኖ በአንድ ጊታርና በለሆሳስ የሚዘፈን ዘፈን ግለቱ 2 ሊሆን ይችላል። 80 ቢፒኤም ሆኖ ድራሙ ከባድ፣ አዝማቹ ሰፊ የሆነ ደግሞ 5 ሊደርስ ይችላል። ነጥቡን የባንዱ ሰዎች ለየብቻ ስጡ፤ ከዚያ አስተያዩት። ሁለት ነጥብ የተለያያችሁበት ዘፈን ካለ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ስሙት።

የምሳሌያችን ዘጠኝ ዘፈኖች እነዚህ ናቸው። ስሞቹን ለማስረዳት ያህል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

- ድልድይ፦ 3:40፣ 118 ቢፒኤም፣ ኪይ ዲ፣ ግለት 4። ሁሉም በአንድ ላይ ይጀምራል፤ በረጅም ኮርድ ያልቃል።
- ባቡር፦ 3:50፣ 126፣ ዲ፣ ግለት 4። ድራም ይጀምራል፤ በድንገት ያቆማል።
- ሰፈር፦ 4:10፣ 112፣ ጂ፣ ግለት 3። ጊታር ይጀምራል።
- ፋኖስ፦ 4:20፣ 104፣ ሲ፣ ግለት 3። አዲስ ነው፤ ማንም አያውቀውም። በኪቦርድ ያልቃል።
- ዝናብ፦ 5:00፣ 72፣ ኤ ማይነር፣ ግለት 2። ኪቦርድ ይጀምራል።
- ደብዳቤ፦ 4:00፣ 66፣ ዲ፣ ግለት 1። ቦክስ ጊታርና ድምፅ ብቻ።
- መስኮት፦ 4:00፣ 96፣ ጂ፣ ግለት 3። ቤዝ ለብቻው ይጀምራል።
- ንጋት፦ 4:30፣ 120፣ ኤ፣ ግለት 4። ድምፃዊዋ ከሁሉም በላይ ከፍ የምትልበት።
- ማዕበል፦ 5:00፣ 132፣ ኢ፣ ግለት 5። ሕዝቡ አብሮ የሚዘፍነው።

ሲደመሩ 38 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ናቸው። ስድስት ደቂቃ ተኩል ተርፎናል፤ ልክ ነው።

3. ሦስቱን ምሰሶዎች ትከሉ

ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ በተራ ለመሙላት አትሞክሩ። መጀመሪያ ሦስት ቦታ ብቻ ያዙ፦ መክፈቻውን፣ መዝጊያውንና ዝቅተኛውን ቦታ።

*መክፈቻ።* ምርጣችሁን እዚህ አታስቀምጡ። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ የድምፅ ባለሙያው ገና ሚዛን እያስተካከለ ነው። ከሰዓት በፊት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተካከለው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይለወጣል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ለእሱ ሥራ ናቸው። ስለዚህ መክፈቻው ሁሉም መሣሪያ ከመጀመሪያው የሚሰማበት፣ ግለቱ 4 የሆነ፣ ተኝታችሁም የምትጫወቱት ዘፈን ይሁን። ከእኛ ውስጥ ለዚህ የሚሆነው «ድልድይ» ነው። ኪቦርድ ብቻውን የሚጀምረው «ዝናብ» ቢሆን ኖሮ የድምፅ ባለሙያው ድራሙንና ቤዙን ሳይሰማ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

*መዝጊያ።* «ማዕበል»። ግለቱ 5 ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ አብሮ ስለሚዘፍን የደከመ ጉሮሮም ያነሳዋል።

*ዝቅተኛው ቦታ።* ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሁን። 45 ደቂቃ ላይ ከ20ኛው እስከ 30ኛው ደቂቃ ባለው ውስጥ ማለት ነው። ቀድሞ ከመጣ ሰው ገና አልሞቀም፤ ዝቅታው ዝቅታ ሆኖ አይሰማም። ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ወደ መዝጊያው ለመውጣት ጊዜ አይተርፋችሁም። እዚህ ቦታ «ደብዳቤ»ን አስቀመጥነው።

4. መንገዱን ሙሉ

አሁን ቀሪዎቹን ስድስት በምሰሶዎቹ መሃል አስገቡ። እኔ የምይዘው ደንብ ይህ ነው፦ ግለት ሲወርድ ቶሎ ቢወርድ ሰው ይቀበላል፤ ሲወጣ ግን ደረጃ በደረጃ ይውጣ። ከ1 ወደ 5 በአንድ ዝላይ ከሄዳችሁ፣ ለስለስ ባለው ዘፈን ውስጥ የነበረው አድማጭ ይደነግጣል እንጂ አይነሳም።

አዲሱን «ፋኖስ» አራተኛ ላይ አደረግነው። የማይታወቅ ዘፈን ሰው ጆሮውን ከሰጠ በኋላ፣ ግን ሳይደክም መምጣት አለበት። ከፊቱም የታወቀ ዘፈን ይኑር። ለስለስ ያሉት ደግሞ ሁለት ብቻ ተከታትለዋል። ሦስተኛ ሲጨመር ሰው እርስ በርሱ ማውራት ይጀምራል። ወሬ የጀመረን አዳራሽ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ፦ ድልድይ፣ ባቡር፣ ሰፈር፣ ፋኖስ፣ ዝናብ፣ ደብዳቤ፣ መስኮት፣ ንጋት፣ ማዕበል። ግለቱ 4፣ 4፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 3፣ 4፣ 5 ነው።

5. መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ሥሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው። የአንዱን ዘፈን የመጨረሻ 20 ሰከንድ ስሙ፤ ወዲያው የሚቀጥለውን የመጀመሪያ 20 ሰከንድ አስከትሉ። ዘጠኝ ዘፈን ስምንት መጋጠሚያ አለው። ሁሉንም ለመስማት ስድስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ እዚህ ላይ ዝምታ አለ ወይስ የለም? ካለ በማን ይሞላል?

*ድልድይ ወደ ባቡር።* ሁለቱም ዲ ናቸው። የ«ድልድይ» የመጨረሻ ኮርድ እየጮኸ ድራመሩ አራት ቆጥሮ «ባቡር»ን ይጀምር። ኪዩ አንድ ስለሆነ የቀረው ድምፅ ከአዲሱ ጋር አይጋጭም። ድራመሩ ግን የ118ን ምት ይዞ እንዳይቀጥል ሜትሮኖሙን 126 ላይ አድርጎ መብራቱን ይይ። ጭብጨባ ሳይጠብቁ ማያያዙ ለአድማጩ «ዛሬ የምንይዘው አብረን ነው» ይለዋል።

*ባቡር ወደ ሰፈር።* እዚህ ቁሙ። ሰው ሁለት ዘፈን ሙሉ አላጨበጨበም፤ ቦታ ስጡት። ሰላምታው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይብቃው።

*ሰፈር ወደ ፋኖስ።* ከጂ ወደ ሲ መሄድ ለጆሮ ቀላል ነው፤ ጂ በተፈጥሮው ወደ ሲ ይስባል። ጭብጨባው ሳያልቅ ጀምሩት። አዲስ ዘፈን በዝምታ ውስጥ ሲጀመር ሁሉም የሚመረምረው ይመስላል።

*ፋኖስ ወደ ዝናብ።* ፍጥነቱ ከ104 ወደ 72 ይወርዳል። ዝም ብላችሁ ብትቆሙና ብትጀምሩ ግለቱ ገደል የገባ ይመስላል። መፍትሔው ኪቦርዱ ነው። «ፋኖስ» ሲያልቅ ኪቦርዲስቱ ኮርዱን ይዞ ይቆይ፤ ከሲ ወደ ኤ ማይነር ቀስ ብሎ ይሻገር። ሁለቱ ኮርዶች ከሦስት ኖታ ሁለቱን ይጋራሉ። ስለዚህ መሻገሩ በአንድ ጣት ልዩነት ያልቃል። ሰው የድሮው ምት ከጆሮው ሳይጠፋ አዲሱን እንዳይሰማ አሥር ሰከንድ ያህል ምት የሌለበት ድምፅ በቂ ነው።

*ዝናብ ወደ ደብዳቤ።* ጊታሪስቱ ሊድ ጊታሩን አውርዶ ቦክስ ጊታር ማንሳት አለበት። ሰካ፣ ተቃኘ ስትሉ አንድ ደቂቃ ነው። የምሽቱን ረጅም ንግግር እዚህ አድርጉት። ድምፃዊዋ የ«ደብዳቤ»ን ታሪክ ትናገር፤ ሰው እሷን እያየ ጊታሪስቱን አያየውም።

*ደብዳቤ ወደ መስኮት።* በጣም አስቸጋሪው ይህ ነው። ከ1 ወደ 3 እንወጣለን፣ ከ66 ወደ 96 እንፈጥናለን፣ ጊታርም ይቀየራል። ያዳነን የ«መስኮት» አጀማመር ነው። ጭብጨባው ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ቤዙ ብቻውን ይግባ፤ ስምንት ባር ይጫወት። በ96 ቢፒኤም ስምንት ባለ አራት ምት ባር ልክ 20 ሰከንድ ነው። በ20 ሰከንድ የተቃኘ ሊድ ጊታር ማንሳት ይቻላል። ድራሙ ከዚያ ይጨመር፣ ጊታሩ ይከተል። ግለቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ ራሱ ደረጃ ሠርቶ ወጣ።

*መስኮት ወደ ንጋት።* ከጂ ወደ ኤ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ማለት ነው። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ ነገሩ ከፍ እንዳለ ይሰማዋል። ዝምታው አጭር ይሁን።

*ንጋት ወደ ማዕበል።* ምንም ቃል አይነገር። «የመጨረሻ ዘፈናችን ነው» ማለት ካለባችሁ «ንጋት» ከመጀመሩ በፊት «ሁለት ቀርቶናል» በሉ። እዚህ መሃል ብትናገሩት የሰበሰባችሁት ግለት ይፈሳል፤ ሰውም ቦርሳውን መፈለግ ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የድምፃዊዋ ጉሮሮ

መጋጠሚያዎቹ ካማሩ በኋላ ዝርዝሩን እንደገና በድምፃዊዋ ዓይን እዩት። ከፍ ያለ ድምፅ የሚጠይቁ ሁለት ዘፈኖች አይከታተሉ። ጉሮሮ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍተኛው ኖታ ነው፤ ከዚያ ቅላጼው ዝቅ ማለት ይጀምራል። በእኛ ዝርዝር «ንጋት» ስምንተኛ ነው። ከፊቱ ያለው «መስኮት» መካከለኛ ድምፅ ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት ያሉት ሁለቱም ለስላሳ ናቸው። ስለዚህ ታርፍበታለች። ያም ሆኖ እሷ «ይከብደኛል» ካለች ክርክር የለም። ዘፈኑን ወደ ፊት አምጡት ወይም ኪዩን አውርዱት። ኪዩን ካወረዳችሁት ግን የግራና የቀኝ መጋጠሚያዎቹን እንደገና ስሙ። «ንጋት» ወደ ጂ ቢወርድ ከ«መስኮት» ወደ «ንጋት» የነበረው ከፍታ ይጠፋል።

6. ሙሉውን ሳታቋርጡ ተለማመዱ

ከሰላምታው እስከ ጊታር ቅየራው፣ ሰዓት እየቆጠራችሁ፣ በስልክ እየቀዳችሁ። ዘፈን ቢበላሽም አትቁሙ። በነጋታው ቅጂውን ስትሰሙ ዘፈኖቹን አሳልፉና ክፍተቶቹን ብቻ ስሙ። ንግግር ያልታሰበበት፣ አምስት ሰከንድ ያለፈ ዝምታ ካለ ሥራ ይቀራችኋል ማለት ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ያ ዝምታ ረዝሞ ይሰማል።

መድረክ ላይ ልብ ሲመታ እጅም ይፈጥናል። ልምምድ ላይ 118 የነበረው 126 ሆኖ ቢነሳ «ድልድይ»ና «ባቡር» አንድ ዘፈን ይመስላሉ። ስለዚህ ቢያንስ ለመክፈቻውና ለስላሳዎቹ ድራመሩ ፍጥነቱን ከሜትሮኖም ይውሰድ።

7. የመድረኩን ወረቀት ጻፉ

ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ አንድ ቅጂ፣ ቆማችሁ ከወለል ላይ በሚነበብ ትልቅ ፊደል። ከዘፈኑ ስም ጎን ኪዩንና ማን እንደሚጀምር ብቻ አስቀምጡ። የሚያያዙትን ዘፈኖች በቀስት አገናኙ። ለንግግር የተያዘውን ቦታ በመስመር ለዩ። ሰዓት ካጠረ የሚዘለለውን አንድ ዘፈን ደግሞ አስቀድማችሁ በቅንፍ አስገቡ። የእኛ «ሰፈር» ነው። እሱ ቢወጣም «ባቡር» በድንገት ስለሚያቆም ከሰላምታው በኋላ «ፋኖስ» ያለ ችግር ይቀጥላል። «መስኮት»ን ብናወጣ ግን የመውጫ ደረጃችን ይጠፋል።

በጥቁር ጻፉ። አንድ ምሽት ኪዮቹን በቀይ ማርከር አሳምሬ ጽፌ ወጣሁ። ቀይ መብራት ሲበራ ነጩ ወረቀት ራሱ ቀይ ሆነ፤ ጽሑፌም ጠፋ። ሁለት ዘፈን ጊታሪስቱን እየጠየቅሁ አለፍኩ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- *አንድ ዓይነት አጀማመር መደጋገም።* ሦስት ዘፈኖች ተከታትለው በጊታር ብቻ ከጀመሩ፣ ኪያቸውና ፍጥነታቸው ቢለያይም አድማጩ «ይህን አሁን ሰምቼዋለሁ» ይላል። ከወረቀቱ ላይ «እንዴት ይጀምራል» የሚለውን ከላይ እስከ ታች አንብቡት።
- *አንድ ኪይ ላይ መቆየት።* ሁለት ዘፈን ያያይዛል። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ጆሮ ይሰለቻል፤ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ይደብረዋል።
- *በየዘፈኑ መሃል ማውራት።* ስምንት ንግግር ስምንት ጊዜ ማቀዝቀዝ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።
- *የጊታር ቅየራ መበታተን።* ቦክስ ጊታር የሚፈልጉ ሁለት ዘፈኖች ካሉ አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። አለዚያ ቅየራው አራት ጊዜ ይሆናል።

ለፕሌይሊስት ሲሆን

ወረቀቱ፣ ምሰሶዎቹና የ20 ሰከንዱ ሙከራ እንዳሉ ይሠራሉ። የሚለየው መጋጠሚያውን የሚሞላ ሰው አለመኖሩ ነው። ኮርድ ይዞ የሚቆይ ኪቦርዲስት የለም፤ ስለዚህ ከ104 ወደ 72 በአንዴ መውረድ ይከብዳል። በመሃል 85 ወይም 90 አካባቢ ያለ ዘፈን አስገቡ።

አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ የሚደርበው ክሮስፌድ ስፖቲፋይ ላይ እስከ 12 ሰከንድ ይሄዳል። እኔ አጥፍቼው ነው የምሠራው። ሲበራ ሁሉንም መጋጠሚያ በእኩል ርዝመት ይቆርጠዋል፤ እናንተ የመረጣችሁትን ለስላሳ መዝጊያም የሚቀጥለው ዘፈን ይበላዋል። ከከፈታችሁት ግን ኪይ ዋና ጉዳይ ይሆናል። ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ ጊዜ ስለሚሰሙ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኪዮች፣ ለምሳሌ ኢ እና ኤፍ፣ ጎን ለጎን ሲመጡ ይጋጫሉ። በመሃላቸው ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታ ካለ ግን ያው ግጭት እምብዛም አይሰማም።

የተለያየ ዘመን ቅጂዎች የድምፅ መጠናቸው ስለሚለያይ መተግበሪያው ላይ ድምፅ የሚያስተካክለውን ምርጫ አብሩ። ዝርዝሩን ለሰው ስትልኩ ደግሞ «ሸፍል አጥፍተህ ስማው» ብላችሁ ጻፉለት።